በፎቶው ላይ ማር፣ በእጄ ላይ ውሃ፦ ሽቶ በምስል ለምትገዙ

ሽቶ በኢንተርኔት ልታዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ። የሚያናድደው ደግሞ ሻጩ በፎቶ ያሳየኝና የላከልኝ ጠርሙስ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።

ፎቶው እንዲህ ነበር። ጀርባው ድቅድቅ ጥቁር ነው። ጠርሙሱ መሃል ላይ ብቻውን ቆሟል። ፈሳሹ ውስጡ መብራት ያለ ይመስል እንደ ማር ወርቃማ ሆኖ ያበራል። ከላይ ወፍራም፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ከድፍን መስታወት የተጠረበ የሚመስል ክዳን አለው። ከግራና ከቀኝ ቀጭን ነጭ የብርሃን መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ዙሪያውን ስስ ጭጋግ ያንዣብባል። ጽሑፉ ስለ ክዳኑ የሚለው “ክሪስታል የመሰለ” ነው። “የመሰለ” የምትለዋን ቃል ያኔ ዘልያት አለፍኩ።

ዕቃው ሲደርሰኝ ፈሳሹ ውሃ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትኩር ብዬ ሳየው ብቻ ትንሽ የገለባ ቀለም አለው። ክዳኑን ሳነሳው ደግሞ እጄ ከጠበቅኩት በላይ ወደ ላይ ሄደ። ከባድ መስሎኝ ነበራ! ፕላስቲክ ነው።

ወዲያው “ፎርጅድ ነው” አልኩ። የምርት ፎቶ በማንሳት የሚተዳደር ጓደኛ አለኝ፤ ይዤለት ሄድኩ። ጠርሙሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀብኝ። “ፎርጅድ መሆን አለመሆኑን በዚህ አታውቂም። ቆይ፣ ያየሽውን ማር ላሳይሽ” አለ።

ከስጦታ መጠቅለያ ላይ ወርቃማ ወረቀት ቆረጠ። ቅርጹ የጠርሙሱን ቅርጽ ይከተላል፤ መጠኑ ግን ከጠርሙሱ ትንሽ ያንሳል። ወረቀቱን ከጠርሙሱ ኋላ ጋደል አድርጎ አቆመው። ከፊት ሲታይ ጠርሙሱ ራሱ ስለሚሸፍነው ወረቀቱ አይታይም። ከዚያ የክፍሉን መብራት አጠፋና ከጀርባ በጎን በኩል አንድ መብራት ወረቀቱ ላይ አነጣጠረ። ያ ገለባ መሳይ ውሃ ወዲያው ማር ሆነ! ወረቀቱን ሲያነሳው ማሩም ጠፋ። ቦታው ላይ ነጭ ወረቀት ሲያደርግ ፈሳሹ ደብዛዛ ቢጫ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀርባ ብርሃን ፈሳሹን ሰንጥቆ ነው ወደ ካሜራው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከኋላ የተነሳበትን ነገር ቀለም ይዞ ይመጣል። ወርቃማ ወረቀት ላይ ነጥሮ የመጣ ብርሃን ወርቃማ ነው። እኛ ግን ወረቀቱን ስለማናየው ቀለሙን ለፈሳሹ እንሰጠዋለን። ጓደኛዬ እንደሚለው ይህ በሙያው የታወቀ አሠራር ነው፤ ከዚህም አልፎ ሽቶውን በሻይ ወይም በቀለም ውሃ ተክቶ የሚያነሳ አለ። ፈሳሹን ወደ ላይ የሚስበው ቀጭን ቱቦ ፎቶው ላይ ከሌለ ጠርጥሩ፤ ወይ ተነቅሏል ወይ በኮምፒውተር ተደምስሷል። ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ከዓይን የሚሰወር ቱቦም ስላለ ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

አንድ ነገር ለሻጩም ልመስክርለት። የቀለም መለያየት ብቻውን ሽቶው ሐሰተኛ ነው አያሰኝም። ቫኒላ ቫኒላ የሚሸቱ ሽቶዎች ውስጥ ያለው ቫኒሊን እያደር ፈሳሹን ያጠቁረዋል፤ ብርሃንም ቀለም ይቀይራል። የእኔ ቅሬታ ማር አሳይቶ ገለባ መላኩ ላይ ነው።

ወደ ክዳኑ እንምጣ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ፎቶ አይቶ መስታወትን ከጥሩ ፕላስቲክ መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ለእንዲህ ዓይነት ክዳን የሚውለው አክሪሊክ ብርሃንን የሚሰብረው ልክ እንደ መስታወት ነው። የመስታወት የስብራት መጠን 1.52 ገደማ ነው፤ የአክሪሊክ 1.49። ይህን ልዩነት ዓይን አይለየውም። ከኋላ ሲበራበት ሁለቱም እኩል ያብለጨልጫሉ።

ክብደታቸው ግን አይዋሽም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር መስታወት 2.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አክሪሊክ 1.2 ገደማ ነው። የእኔ ክዳን በየጎኑ 3 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ነው፤ ማለትም 27 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር። የጠርሙሱ አንገት የሚገባበት ቀዳዳ 3 ያህል ይወስዳል፤ 24 ይቀራል። መስታወት ቢሆን 60 ግራም ሊመዝን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 28 አለ። በቃ፣ ክርክሩ እዚያ አለቀ።

ሚዛን ከሌላችሁ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። መስታወት ቀዝቀዝ ይላል፣ ቶሎም አይሞቅም። በማንኪያ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ብትነኩትም መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ፕላስቲክ “ጠክ” ብሎ ዝም ነው። ውስጡን አይታችሁ ግን አትሳቱ፦ እውነተኛ የመስታወት ክዳንም ቢሆን አንገቱን አጥብቆ እንዲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት አለው።

ጠርዙ ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች? ከጠርሙሱ ኋላ ግራና ቀኝ የቆሙ ረጃጅም ጠባብ መብራቶች ነጸብራቅ ናቸው። ጥቁር ጀርባ ላይ የጠርሙሱ ዳር እንዳይጠፋ ነው የሚደረጉት። መስታወቱ ወፍራምና ውድ እንዲመስል ያደርጋሉ፤ ስለ ጥራቱ ግን አይነግሩንም። ጭጋጉም ያው ነው። ጥቃቅን ጠብታ ብርሃንን ይበልጥ የሚበትነው ወደ ፊቱ ስለሆነ፣ ከኋላ ሲበራበት ደመና ይሆናል፤ ከፊት ሲበራበት የለም ማለት ይቻላል። እኔ የመርጫው ጥራት መስሎኝ ነበር! ጠርሙሱ ላይ ተጣብቀው የሚታዩት ጠብታዎችም ብዙ ጊዜ ቶሎ እንዳይደርቁ ግሊሰሪን የተቀላቀለበት ውሃ ናቸው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛው በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት ተደርጎ የተነሳ የስልክ ፎቶ ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ብቻውን ሚዛን ላይ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶ። ስለ ክዳኑ “የመሰለ” ሳይሆን “መስታወት ነው” የሚል መልስ በጽሑፍ ያዙ። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ የታሸገበትን ላስቲክ ከመቅደዳችሁ በፊት ቀለሙን እዩ። እኔ ቀድጄ፣ ሁለቴ ረጭቼ ነው ወደ ሻጩ የጻፍኩት። መልሱ አጭር ነበር፦ “የተከፈተ ሽቶ አንመልስም። ፎቶው ለማሳያ ነው።”

ለማሳያ ከሆነ እሺ፣ አንድ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ፎቶ ከጎኑ ጨምርበት ብዬ ጻፍኩለት። መልእክቱን እንዳየው ይታያል፤ መልስ ግን የለም። ማሩም ጭጋጉም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።