ባሕር ዳር ላይ «86 በመቶ የሚያሸንፍ ሴትአፕ» ለሚሸጥላችሁ ሰው ከመክፈላችሁ በፊት

ከፎሬክስ አስተማሪው ቢሮ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ሐይቅ ዳር ጁስ ይጋብዛል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣ «እኔ አላወራም፣ ጆርናሌ ያውራ» ይላል። ዋጋ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሲነሳ የሚገዛበትን ሴትአፕ፣ የደብል ቦተም ስክሪንሾቶቹን ገለጠልኝ፤ 50 ንግድ፣ 43ቱ ያሸነፈ። ለባጃጄ ጎማ የያዝኩትን 12,000 ብር ያለ ደረሰኝ በስልኬ ላክሁለት። ቂል ነኝ፣ ምን ይባላል!

ከተማርኩ በኋላ እሱ ባለው ሕግ በዲሞ፣ ማለትም በውሸት ገንዘብ፣ ሁለት ወር የራሴን ጆርናል ያዝኩ። ሴትአፑ በመጣ ቁጥር፣ ደስ ቢለኝም ባይለኝም፣ መግቢያውን፣ ሲከስር የምወጣበትን ስቶፕና ሲያተርፍ የምወጣበትን ታርጌት አስምሬ ሳልገባ አንድ ፎቶ፣ ሲዘጋ ሌላ ፎቶ። 40 ሞላ። 14 አሸነፈ፣ 26ቱን ስቶፕ በላቸው። አንዱ ሲያሸንፍ የስቶፑን አንድ ተኩል እጥፍ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ 14ቱ 21 ስቶፕ ያህል አመጡ፣ 26ቱ 26 ወሰዱ። የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነቱ፣ ስፕሬዱ፣ ሳይቆጠር አምስት ስቶፕ ጎደለኝ። በዚህ ክፍያ ላለመክሰር ብቻ እንኳ ከ100 ውስጥ 40 ማሸነፍ ነበረበት።

እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ዛሬ ፎቶዎቼን ይዤ ሄድኩ። ረዳቱ ልጅ ላስተካክልህ ብሎ የእነሱን ፋይል ከፈተ። «ከመግባት በፊት» የሚለውን አንድ ስዕል አተኩሬ አየሁ፤ ዩሮ በዶላር፣ EURUSD፣ መግቢያው 1.0850፣ የመጨረሻው ካንድል እዚያው ላይ ቆሟል። ቀኝ ጥግ ያለው የመነገጃ ፕሮግራሙ የ MT5 የአሁን ዋጋ ምልክት ግን 1.0921 ይላል! ቻርቱን ወደ ኋላ ብትጎትቱትም ያ ምልክት የዛሬውን ዋጋ ነው የሚያሳየው። ዋጋው ከወጣ በኋላ ተመልሰው፣ ያማረውን መርጠው፣ ኋላውን ከስክሪኑ አውጥተው ነው ያነሱት። ቀጣዩም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። የከሸፉትን መጀመሪያውኑ ማን ፎቶ ያነሳቸዋል?

በጣቴ ሳሳየው ልጁ ላፕቶፑን ዘጋ። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ወንድሜ፣ ለመማር ነው የመጣኸው ወይስ ለኦዲት?» አለኝ። ወንበር ላይ የነበሩት አዳዲስ ተማሪዎች ሳቁ። እኔም ከሁለት ወር በፊት እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ በሌላ ሰው ስቄያለሁ፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

እውነቱን ለመናገር 40 ንግድ ትንሽ ነው፤ ደብል ቦተም አይረባም ብዬ አልምልም። ግን 86 በመቶ የሚያሸንፍ ነገር በዕድል ብቻ 14 ከ40 አይሆንም።

ከመክፈላችሁ በፊት ያን ቀኝ ጥግ እዩ፣ የተሸነፉበትንም ጠይቁ። የእኔን 80 ፎቶ የሚፈልግ ይጻፍልኝ፣ 26ቱም ሽንፈት አብሮ አለ።