ክሬቲን ስትገዙ በ«ሰርቪንግ» ቁጥር አትሸወዱ

ለጡንቻ ተብሎ የሚወሰደውን የክሬቲን ዱቄት ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ብዙ ሰው እየተበላ ያለው በአንዲት ቀላል ዘዴ ነው።

ሁለት ጣሳ ጎን ለጎን ተደርድሯል። አንደኛው ተራ ክሬቲን ሞኖሃይድሬት ነው። ጀርባው ላይ «100 ሰርቪንግ» ይላል፣ ማለትም 100 ጊዜ የሚወሰድ። ሁለተኛው ክሬቲን ሃይድሮክሎራይድ ነው፤ ሻጮቹ ኤችሲኤል ይሉታል። ጣሳው አነስ ይላል፣ ጥቁርና ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል፣ ፊቱ ላይ በትልቁ «120 ሰርቪንግ» ተጽፎበታል። ዋጋው ደግሞ ከተራው ትንሽ ረከስ ይላል። እንግዲህ ዘመናዊ ተብሎ የሚወራለት፣ በቁጥር የሚበልጥ፣ በዋጋ የሚያንስ ዕቃ ከተገኘ ማን ይተወዋል?

ችግሩ ያለው «ሰርቪንግ» የሚለው ነገር ላይ ነው። መጠኑን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው። አንዱ 5 ግራም ይለዋል፣ ሌላው ከ1 ግራም በታች አድርጎትም ያው ሰርቪንግ ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ዋጋን ለሰርቪንግ ቁጥር ማካፈል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

እስቲ አብረን እናስላው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የወሰድኳቸው፣ ገንዘቡም የየትኛውም አገር ይሁን። ተራው ሞኖሃይድሬት 500 ግራም ነው፣ ዋጋው 1000። አንዱ ሰርቪንግ 5 ግራም ስለሆነ 100 ጊዜ ይወጣዋል፣ አንዱ 10 ይመጣል ማለት ነው። ኤችሲኤሉ 900 ነው፣ 120 ሰርቪንግ አለው፣ አንዱ 7.50 ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ኤችሲኤሉ አሸንፏል።

አሁን ጣሳውን ገልብጡና በደቃቁ የተጻፈውን እዩ። የኤችሲኤሉ አንድ ሰርቪንግ 0.75 ግራም ነው። በ120 ስታባዙት ጣሳው ውስጥ ያለው ዱቄት በጠቅላላ 90 ግራም ብቻ ነው። 900 ለ90 ግራም፣ አንዱ ግራም በ10። የተራው አንድ ግራም ግን 2 ነው። ርካሽ የመሰለው ዕቃ በግራም አምስት እጥፍ ተወዶ አረፈው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሁለቱም ዱቄቶች ሙሉ በሙሉ ክሬቲን አይደሉም። ሞኖሃይድሬት ውስጥ ከክሬቲኑ ጋር ውሃ አለ፣ ከክብደቱ 88 በመቶ ገደማው ነው ክሬቲን። ኤችሲኤል ውስጥ ደግሞ ከክሬቲኑ ጋር አሲድ አለ፣ ክሬቲኑ 78 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ግራም ሞኖሃይድሬት ስትወስዱ 4.4 ግራም ክሬቲን ታገኛላችሁ። የኤችሲኤሉ አንድ ሰርቪንግ ግን 0.6 ግራም እንኳን አይሞላም። ያንኑ 4.4 ግራም ከኤችሲኤል ለማግኘት ሰባት ተኩል ሰርቪንግ መዋጥ አለባችሁ። በቀን 56 ገደማ ታወጣላችሁ፣ ጣሳውም በ16 ቀን ያልቃል። ተራው በቀን 10 ነበር፣ ከሦስት ወር በላይም ይቆያል።

ይህን ለሻጭ ብትነግሩት መልሱ ዝግጁ ነው። «ኤችሲኤል በደንብ ስለሚሟሟ ትንሹ ይበቃል» ይላችኋል። አንዱ ሻጭ ይህን ሊያሳየኝ ሁለት ትንንሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበና ሁለቱን ዱቄት ለየብቻ በጠበጠ። ኤችሲኤሉ ጥርት አለ። ሞኖሃይድሬቱ ከታች ነጭ አሸዋ መስሎ ዘቀጠ። «አየህ? ይሄ ሆድህ ውስጥም እንዲሁ ነው የሚቀረው» አለኝ።

ብርጭቆው አልዋሸም፣ ንግግሩ ግን ውሸት ነው። አንድ ሊትር ውሃ በመደበኛ የክፍል ሙቀት የሚያሟሟው 14 ግራም ያህል ሞኖሃይድሬት ነው። 5 ግራሙ እንዲሟሟ ታዲያ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። በትንሽ ብርጭቆ፣ ያውም በቀዝቃዛ ውሃ ብትሞክሩት መዝቀጡ አይቀርም። ለብ ባለ ውሃ ወይም በትልቅ ብርጭቆ በጥብጡትና ልዩነቱን እዩ። ቢዘቅጥም ግድ የለም፣ ትንሽ ውሃ ጨምሮ መጠጣት ነው። ሞኖሃይድሬት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ደም ያልፋል። ከዚያ በላይ «የተሻለ መምጠጥ» የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ቀድሞ የሚባክን ካልነበረ የሚተርፍ የለም።

ሌላም አለ። የአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት በቀን 2 ግራም ያህል ክሬቲን ወደ ክሬቲኒን እየቀየረ በሽንት ያስወጣል። ግማሽ ያህሉን ራሱ ሰውነት ሠርቶ ይተካዋል፣ ቀሪው ከሥጋና ከዓሣ ይመጣል። ዱቄቱን የምንወስደው ከዚህ ከተለመደው በላይ ጡንቻ ውስጥ እንዲጠራቀም ነው። ለዚህ ደግሞ በጥናት ሲሞከር የኖረው መጠን በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። 0.6 ግራም እያንዳንዷ ቅንጣት ጡንቻ ውስጥ ብትገባ እንኳ 0.6 ግራም ናት። አልፎ አልፎ ሞኖሃይድሬት ሆዱን የሚነፋው ሰው አለ፣ ያ እውነት ነው። እሱም ቢሆን መጠኑን ለሁለት ከፍሎ ከምግብ ጋር መሞከር ይችላል፤ ይህ ምንም አያስወጣውም።

ኤችሲኤል ላይ ብዙ የቆየሁት ዘዴው እሱ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው እንጂ ሌሎቹም አይሻሉም። «በፈርድ» የሚባለው፣ አሲድ እንዳያበላሸው ተደርጎ ተሠርቷል የሚሉት ዓይነት፣ በ2012 በ36 ስፖርተኞች ላይ ለ28 ቀን ከሞኖሃይድሬት ጋር ተወዳድሮ ብልጫ አላሳየም። አምራቹ ይበቃል ባለው ትንሽ መጠንም፣ እኩል መጠን ሲሰጥም ያው ነው። ኤቲል ኤስተር የሚባለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ብዙው ወደ ክሬቲኒን ይለወጣል፣ ማለትም ወደሚጣለው ነገር። ተወዶ የተገዛ ሽንት በሉት።

ጋሚ፣ ማለትም እንደ ከረሜላ የሚታኘከው፣ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዷ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 1 ግራም ገደማ ተብሎ ይጻፍባታል። 5 ግራም ለመድረስ አምስት ፍሬ መብላት አለባችሁ፣ ስኳሩም አብሮ ነው። ክሬቲን ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው፣ በተለይ ጎምዛዛ ነገር ውስጥ፣ እየፈረሰ ወደ ክሬቲኒን ይቀየራል። ጋሚ ሲሠራ ሦስቱም አሉ። በገለልተኛ ላብራቶሪ ተመርምረው ከተጻፈባቸው እጅግ ያነሰ ክሬቲን የተገኘባቸው ጋሚዎች አሉ። በጠርሙስ ተበጥብጦ የሚሸጠውን ፈሳሽ ክሬቲንም በዚሁ ምክንያት ተዉት።

ጣዕም የተጨመረበትን ዱቄት ለምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣሳው 400 ግራም ይላል፣ እናንተ ለ5 አካፍላችሁ 80 ቀን ትላላችሁ። ግን አንዱ ስኩፕ፣ ማለትም ጣሳው ውስጥ ያለችው መስፈሪያ ማንኪያ፣ 8 ግራም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ውስጥ ክሬቲኑ 5 ግራም ብቻ፣ ቀሪው ጣዕምና ማጣፈጫ። ስለዚህ 50 ቀን ነው የሚቆየው። ሁልጊዜ የምታካፍሉት ለክሬቲኑ ግራም እንጂ ለጣሳው ክብደት አይደለም። የአምስት ዓይነት ክሬቲን ድብልቅ ብሎ የየአንዳንዱን ግራም የማይጽፍ ዕቃ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሂሳቡን መሥራት ስለማትችሉ መልሱት። እንዳትችሉ ሆን ተብሎ ነው የተጻፈው።

ስኩፕንም ዝም ብላችሁ አትመኑ። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ አንዴ ለኩት። ዱቄቱ እንደተጠቀጠቀበት ወይም እንደተነፋበት አንዱ ስኩፕ 4 ግራም ይሆናል፣ ሌላው 6። ምንም ጉዳት የለውም፣ ግን ጣሳው ከታሰበው ቀን ቀድሞ ያለቀባችሁ ለምን እንደሆነ ትረዳላችሁ።

ሻጮች የሚወዱት ሌላው ነገር «ሎዲንግ» ነው። በቀን 20 ግራም ለአንድ ሳምንት ውሰዱ ይላሉ። ይሠራል፣ ጡንቻ ቶሎ ይሞላል። ግን 140 ግራም በሳምንት ማለት ከባለ 500ው ጣሳ ከሩብ በላይ ነው። በቀን 3 ግራም ብቻ የሚወስድ ሰውም በአራት ሳምንት ገደማ እዚያው ይደርሳል። ውድድር ካልደረሰባችሁ ምን አስቸኮላችሁ?

ታዲያ ውድ ክሬቲን የሚያዋጣው መቼ ነው? ለእኔ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚታየኝ። የአበረታች ቅመሞች ምርመራ የሚደረግባችሁ ተወዳዳሪ ስፖርተኞች ከሆናችሁ፣ እንደ ኢንፎርምድ ስፖርት ወይም ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት ያለ ማረጋገጫ ላለው ጨምራችሁ ክፈሉ። እዚያ ላይ የምትከፍሉት ለክሬቲኑ ሳይሆን የተከለከለ ነገር እንዳልተቀላቀለበት ለመመርመሩ ነው። በጀርመን የሚመረተውና ክሪያፑር የሚባለው ሞኖሃይድሬትም በንጽሕናው ስም ያለው ነው። ግን እሱም ያው ሞኖሃይድሬት ነው፣ ጡንቻ ላይ የተለየ ነገር አይሠራም። በግራም ከተራው አንድ አምስተኛ ያህል ቢወደድ እኔ እገዛዋለሁ፣ እጥፍ ከሆነ አልገዛም። «ማይክሮናይዝድ» የሚለውም ደቅቆ የተፈጨ ማለት ብቻ ነው። ለመበጥበጥ ይመቻል፣ ሌላ ትርፍ የለውም።

በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ዋጋው በግራም ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ወርዶ ካገኛችሁት ጠርጥሩ። የምርት ቁጥር አለው ወይ? ለዚያ ምርት የተደረገ የላብራቶሪ ምርመራ ወረቀት ጠይቃችሁ ይሰጧችኋል ወይ? ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ጣሳው ላይ ያለው ካልተመሳሰለ ወረቀቱ የሌላ ዕቃ ነው፣ አትግዙት።