«አፖስቲል እናስመታለን» ለሚሏችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ትናንት ከጣሊያን ኤምባሲ መስኮት ባዶ እጄን ተመልሻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። አፖስቲል ማለት የአንድ አገር ሰነድ ያለ ኤምባሲ ማጽደቅ በሌላ አገር እንዲታመን የሚያደርግ አንድ ማኅተም ነው። «ትርጉም፣ ፎቶ ኮፒ፣ የቪዛ ማማከር» የሚል ሰሌዳ የሰቀሉትን ቢሮዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ባለቤቴ ጣሊያን ስለሚሠራና ወደ እሱ ለመሄድ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ወደ ጣሊያንኛ መተርጎም ስለነበረበት ከእነዚህ ወደ አንዱ ገባሁ።

ሴትዮዋ ትርጉሙን እንደምታሠራልኝ ነግራኝ ስታበቃ «በውጭ ጉዳይ መንከራተት ቀረ፤ ጣሊያን የአፖስቲል ስምምነት አባል ስለሆነች አንድ ማኅተም ይበቃሻል» አለችኝና 9,000 ብር ጠየቀችኝ። ቤቴ ገብቼ ስፈልግ ጣሊያን በእርግጥም የአፖስቲል ስምምነት የሚባለው የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል ሆና አገኘኋት፤ የኢትዮጵያን ስም ግን አልፈለግሁም። ሞኝነቴ ይኸው ነው፤ የሰነዱ መነሻ አገርም አባል ካልሆነ አፖስቲል የሚባል ነገር እንደሌለ አላሰብኩም።

በኤምባሲው መስኮት በኩል የነበረው ወጣት ሴትዮዋ አፖስቲል ብላ በለጠፈችልኝ ወርቃማ ተለጣፊ ላይ ጣቱን አሳርፎ «እህቴ፣ ይህን ማን ሰጠሽ?» አለኝ። መልስ ሳጣ ወረቀቱን ገልብጦ የውጭ ጉዳይ ማኅተም ፈለገ፤ አልነበረም። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዛሬ በ2016 ዓ.ም. አፖስቲል የሚሰጥ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት አለመኖሩን ነገረኝና ሰነዱን መለሰልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ሰምተዋል።

ወደ ቢሮው ስመለስ ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ማኅተም ፈለግሽ፣ ማኅተም አገኘሽ» አለችኝ። ከብሩ ይልቅ የቆጨኝ ተለጣፊውን ያጣበቀችው በትርጉሙ ላይ ሳይሆን በዋናው የምስክር ወረቀት ላይ መሆኑ ነው። ሲላጥ ወረቀቱን ቀደደው፤ ስለዚህ ምትክ ለማውጣት ወሳኝ ኩነት ዘንድ እንደገና መሰለፍ አለብኝ።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም ስውር አይደለም። ዋናው የምስክር ወረቀት ካወጣው መሥሪያ ቤት ይጀምራል፤ ትርጉሙ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት ተሠርቶ በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፤ በመጨረሻም የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ያጸድቀዋል። እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ስላለው ፊርማና ማኅተም ብቻ ስለሆነ አንዱ ከተዘለለ የሚቀጥለው መሥሪያ ቤት አይቀበልም። አፖስቲል የሚላችሁን ሰው የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቁት፤ ዋናውን ሰነድም ለማንም ትታችሁ አትሂዱ።

የከፈልኩበት ደረሰኝ «ለማማከር አገልግሎት» ይላል፤ ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው።