ያገለገለ ፍሪዘር ሲገዛ፦ ከሻጩ ዋጋ መነሳት ወይስ ከራስ ጣሪያ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ የምትሸጥ ነጋዴ ያገለገለ ዲፕ ፍሪዘር ልትገዛ ነው እንበል። ሻጩ 45,000 ብር ብሏል።

አንደኛው መንገድ የለመድነው ነው፤ ከሻጩ ዋጋ ላይ ማስቀነስ። እሷ 30,000 ትላለች። ሻጩ "በቃ፣ መሃል ላይ እንገናኝ" ይላል። 37,500 ላይ ይጨባበጣሉ። ብዙ ያስቀነሰች ይመስላታል። ግን ፍሪዘሩ ለእሷ ስንት እንደሚያዋጣ አላሰላችም።

ሁለተኛው ጣሪያን፣ ማለትም ከዚያ በላይ የማትከፍለውን ዋጋ፣ ከመደራደር በፊት ማስላት ነው። ደህና የሆነ ተመሳሳይ ፍሪዘር ሌላ ቦታ ከነማጓጓዣው 43,500 አግኝታለች። ከዚያ ላይ የዚህኛውን ማጓጓዣ 1,000 ትቀንሳለች። ክዳኑ ላይ የብር ኖት አስገብታ ዘግታ ስትስበው ያለ ምንም መያዝ ወጣ፤ ጎማው አልቋል ማለት ነው። 2,500 ይቀነሳል። ኮምፕረሰር ማስቀየር 12,000 ነው፤ የመበላሸት ዕድሉን ከአራት አንድ ብታደርገው 3,000 ትቀንሳለች። ጣሪያዋ 37,000 ሆነ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። "መሃል ላይ" የሚለው ጨዋታም እዚህ ይጋለጣል። ከ30,000 ብትነሳ መሃሉ ከጣሪያዋ 500 ብር ያልፋል። ከ28,000 ብትነሳ ግን 36,500 ነው፣ ያዋጣታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፍሪዘሩ እየሠራ ከጠበቃችሁ አስነቅላችሁ፣ ኮምፕረሰሩ ሲቀዘቅዝ ተመለሱ። ደካማ ኮምፕረሰር የሚታወቀው ሲነሳ ነው፤ ያጓራና ይጠፋል። ሻጩ አላስነቅልም ካለ የጥገናውን 12,000 ሙሉውን ቀንሱ። "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው" ካለም ዋጋችሁን ሳትጨምሩ "እስከ ነገ ማታ እጠብቃለሁ" ብላችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ ሂዱ።