ቦሌ ላይ ሰባት ሰዓት አለኝ፤ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?

ከዋሽንግተን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ገባሁ። የባሕር ዳሩ በረራ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል። ግን ሁሉም የእኔ አይደለም።

መጀመሪያ ከላይ ቀነስኩ። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣና ጉምሩክ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ ብዬ ያዝኩ። ከሌላ አገር የመጡ አውሮፕላኖች አብረው ካረፉ ሰልፉ ይረዝማል። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለው ቪዛ አያሳስበውም፤ የሌለው ግን ኦንላይን ጨርሶ ቢመጣ ይሻለዋል። የአገር ውስጥ በረራ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀድሜ መድረስ እፈልጋለሁ፤ ተርሚናሉ ሌላ ነው፣ በሩ ላይም ፍተሻ አለ። ስለዚህ በእጄ የቀረው ከ2:30 እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የመኪና ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ሲነሳ ሁለት ሰዓት ይተርፋል። ሁለት ሰዓት ለአንድ ቦታ ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም።

ሻንጣው ላይ የተለጠፈው BJR፣ ማለትም ባሕር ዳር፣ ቢልም፣ አዲስ አበባ ላይ አውጥቼ ለጉምሩክ ላሳይ ወይ ብላችሁ ከመነሻችሁ ጠይቁ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተቱ ከተማ ማየት ቅጣት ነው።

መኪና በስልክ መተግበሪያ ጠራሁ። ሹፌሩ ሰው አክባሪ፣ መኪናው ንጹሕ። ትንሽ እንደሄድን ግን «ጋሼ፣ አፑን አጥፍተን በኮንትራት እንነጋገር» አለኝ። እምቢ አልኩ፤ አኮረፈ፣ ግን አደረሰኝ። አገልግሎቱ ጥሩ፣ ጭቅጭቁ ትርፍ።

የመረጥኩት አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰዓት በቂ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ድንቅነሽ አለች፤ የሚታየው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ማብራሪያዎቹ ትንሽ ያረጁ ናቸው፤ ብርሃኑም ደከም ይላል። ቢሆንም ወድጄዋለሁ። በቀረኝ ጊዜ ማኪያቶ ጠጣሁ። እውነቱን ለመናገር ከሙዚየሙ ይልቅ የናፈቀኝ እሱ ነበር።

እንጦጦን ተውኩት። ከቦሌ ሲታይ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ መንገድ ከተጨናነቀ ሁለቱ ሰዓት እዚያው ዳገት ላይ ያልቃል።

ስሌቱን የሚያፈርሰው መንገድ ነው። ከቦሌ ወደ መሐል ከተማ የሚያወጣው መንገድ እንግዳ ሲያልፍ ይዘጋል። የካቲት አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ ወይም መስቀል አደባባይ ዝግጅት ካለ፣ የሩብ ሰዓቱ መንገድ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ሹፌሩን «ዛሬ የሚዘጋ መንገድ አለ?» አልኩት። «የለም ጋሼ» ባይለኝ ኖሮ ሙዚየሙን ትቼ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቁርሴን በልቼ እመለስ ነበር። እዚያ ቅርብ ነው፤ መንገድ ቢዘጋም አያሰጋም።

በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለው አምስት ሰዓት ብቻ ከሆነ እኔ አልወጣም። በዚያው ስሌት ሲቀነስ ምንም አይተርፍም።