«ኮድ መጥቶልሃል፣ ንገረኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ

ፍኖተ ሰላም ላይ የማውቀው አንድ በርበሬ ነጋዴ ቴሌግራሙን ተጠለፈ። በስሙም ወዳጅ ዘመዱ ገንዘብ ተበላ። አካሄዱን እወቁት፣ ነገ ወደ እናንተ ይመጣል።

መልእክቱ የመጣለት ከማያውቀው ሰው አይደለም። ቡሬ ካለ የሥራ ጓደኛው ነው፤ የጓደኛው አካውንት ግን ቀድሞ ተጠልፏል። «የነጋዴዎች ግሩፕ ከፍተናል፣ አንተን ሳስገባ ኮድ ወዳንተ ሄዷል፣ ቶሎ ንገረኝ» ይላል። ግሩፕ ለመግባት ኮድ የሚባል ነገር የለም። ሌባው በራሱ ስልክ ቴሌግራም ከፍቶ የነጋዴውን ቁጥር ሲያስገባ፣ ባለ 5 አሃዝ የመግቢያ ኮድ ለባለቤቱ ተላከ። ቁጥራችሁን የያዘ ሁሉ እስከዚህ ድረስ መሄድ ይችላል። የሚጎድለው ኮዱ ብቻ ነው። መልእክቱ ራሱ «ለማንም አትስጡ» ይላል፤ ግን ማን አንብቦት!

ኮዱን እዚያው ቴሌግራም ላይ ለሰው ከላካችሁት ቴሌግራም አውቆ ሊሰርዘው ይችላል። ሌቦቹ ይህን ስለሚያውቁ በስልክ እንድታነቡላቸው ወይም በቁጥሮቹ መሃል ፊደል እያስገባችሁ እንድትጽፉላቸው ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ሌባ ነው፣ አለቀ።

ከገባ በኋላ የድሮ ወሬያችሁን ያነባል። ማን ገንዘብ እንዳለው፣ ማን እንደሚያምናችሁ ከዚያ ያገኛል። ለነጋዴው ዘመዶች «በርበሬ እየጫንኩ ነው፣ 8 ሺህ ብር ጎድሎኛል፣ ማታ እመልሳለሁ» ብሎ ጻፈ። የሰጠው ቁጥር በሌላ ሰው ስም ነበር፤ «የሾፌሩ ነው» አለ። የላኩት ላኩ። አንዷ እህቱ ግን ነቃች፤ ወንድሟ ሁልጊዜ «እታለም» ይላታል፣ መልእክቱ ደግሞ «ሰላም እህቴ» ነው የሚለው። በመደበኛ ስልክ ደወለችለት። በቴሌግራም ብትደውል ሌባው ሊያነሳው ይችል ነበር። ባለቤቱ እንኳ ምንም አላየም፤ ሌባው የጻፈውን ከሁለቱም ወገን እያጠፋ ነበር።

ኮዱን ሰጥታችሁ ከሆነ አሁኑኑ «Settings» ውስጥ «Devices» ግቡና «Terminate All Other Sessions» የሚለውን ንኩ። አዲስ የገባ ስልክ የቆየውን ወዲያው ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ የእናንተ ነው፤ እስከ ነገ ካደረ ግን እሱም እናንተን ሊያስወጣችሁ ይችላል። ቀጥሎ «Two-Step Verification» ላይ የይለፍ ቃል አድርጉ። እሱ ካለ ኮዱ ብቻውን አያስገባም። ሌባው ቀድሟችሁ የራሱን ካደረገበት ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ገንዘብ የላከ ሰው የደረሰኙን ቁጥር ይዞ ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ያመልክት፣ ፖሊስም ጋ ይሂድ። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው። ለወዳጆቻችሁም በስልክ እየደወላችሁ ንገሩ፤ ቴሌግራም ላይ ብትጽፉ ሌባው እስካልወጣ ድረስ ማስጠንቀቂያውንም ያጠፋዋል።