ሽንት ቤቱ ውሃ ማፍሰሱን አላቆም ላላችሁ የሀዋሳ ሰዎች፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ናችሁ የሀዋሳ ሰዎች? አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። እግረ መንገዴን ሲሠራ ያሳየኝንም እጽፋለሁ፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ እሱን መጥራት እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። (ይህን ስነግረው ሳቀ። «እትዬ፣ እንጀራዬን ልትዘጊው ነው» አለኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንት ቤታችን ውሃ ከተለቀቀ በኋላ አርፎ አይቀመጥም። ቀን ላይ ጸጥ ብሎ ይቆይና፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ሽሽሽ ብሎ ውሃ ይሞላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይደግማል። ሌሊት የመስመር ውሃ ሲመጣ ግን ባሰበት፤ እስኪነጋ ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምንኖረው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ነው። ሮቶው ደግሞ ሳንጠቀምበት እየጎደለ አስቸገረን። መጀመሪያ የጠራነው ሌላ ባለሙያ ክዳኑን አነሳ፣ አየት አደረገና «ሙሉውን መቀየር ነው» ብሎን ሄደ። መቀመጫውን ከነታንኩ ማለቱ ነው። ዋጋውን ሰምቼ ደነገጥኩ።

ይሄኛው ልጅ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ድምጹ ነው። መቼ ይሰማል? ይቋረጣል ወይስ አይቋረጥም? ስነግረው «ሁለት ብልሽት ሊሆን ይችላል» አለ። እየቆየ በራሱ የሚሞላ ከሆነ ውሃው ከታች፣ የታንኩን ቀዳዳ በሚዘጋው መክደኛ ጎማ በኩል እያለቀ ነው። ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመሙያው ቫልቭ ነው። ታንኩ ሞልቶም ቫልቩ ስለማይዘጋ ትርፉ መሀል ላይ በቆመው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ከዚያ «የመስመር ውሃ ባለበት ሰዓት ልምጣ» አለኝ። ሮቶው ግፊቱ ደካማ ነው፤ ያረጀ ቫልቭ በደካማ ግፊት ደህና መስሎ ይታያል፣ መስመሩ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። ያኔ ነው ልጁ ነገሩ እንደገባው ያወቅኩት።

ሲመጣ ምንም ከመፍታቱ በፊት ለካ። ከመቀመጫው ጎን ያለውን ትንሽ የውሃ መዝጊያ ዘጋ። ታንኩ ውስጥ የውሃው ጫፍ ያለበትን በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቡና ጠጣ። ግማሽ ሰዓት ቆይተን ስናየው ውሃው 3 ሴንቲ ሜትር ወርዷል። መሙያው ተዘግቶ እያለ ውሃው ከወረደ፣ የሚያፈሰው የታቹ ጎማ ነው ማለት ነው። ምልክቱ ላይ እንደቆመ ቢገኝ ኖሮ ጎማው ደህና ነው፣ ወደ ቫልቩ ነው የሚኬደው።

ሜትር አውጥቶ የታንኩንም ውስጥ ለካ፤ 40 በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 1.8 ሊትር ማለት ነው። በሰዓት 3.6፣ በቀን ደግሞ ወደ 86 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአራት በላይ። ይህ ሁሉ በዚያች ጎማ ብቻ ነው እንግዲህ፤ የሌሊቱን አልቆጠርንም።

መለካት የማይመቸው ሰው ቀለም ይጠቀም። ታንኩ ውስጥ የቀይ ስር ጭማቂ ወይም የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማንም እንዳይነካው። መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከታየ ጎማው ያስተላልፋል።

ቀጥሎ ውሃውን ለቆ ታንኩን ባዶ አደረገና መክደኛውን ጎማ ከሁለቱ ጎን ጆሮዎቹ አወጣው። በጣቱ አሸት ሲያደርገው እጁ ጥቁር ሆነ። እንዲህ እጅ ላይ የሚለቅ ጎማ አብቅቶለታል፤ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ቀዳዳው ላይ በደንብ አይቀመጥም። አንዱ ምክንያት ዕድሜ ነው። ሌላው ታንክ ውስጥ የሚጨመረው በረኪናና ክሎሪን ያለበት የማጽጃ ኪኒን ነው፤ ጎማው ቀን ከሌት እዚያ ውስጥ ተዘፍዝፎ ስለሚውል ቶሎ ይበላዋል። ማጽዳት የፈለገ መቀመጫው ውስጥ ቢጨምር ይሻላል።

አዲስ ጎማ ከመግጠሙ በፊት የቀዳዳውን ከንፈር በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ። ነጭ ነጭ ቅርፊት ይዞ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሻካራ ከንፈር ላይ አዲስ ጎማ ብትገጥሙ በሳምንቱ ያው ነው። ቅርፊቱን በአቼቶ አርሶ ትንሽ አቆየውና በሻካራ ጨርቅ ፈተገው፣ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ አለሰለሰው። በቢላ መፋቅ ክልክል ነው አለ። ከንፈሩ ከተጫረ ውሃ በጭረቱ መንገድ ያገኛል።

ጎማውን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ አለ፣ ሰፋ ብሎ ወደ 7.5 የሚጠጋም አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሲገጠም ደግሞ ጎማውን ከእጀታው ጋር የሚያገናኘውን ሰንሰለት ማስተካከል ነው። በጣም ካጠረ ጎማውን ከፍ አድርጎ ይይዘውና አይከደንም። በጣም ከረዘመ ደግሞ ራሱ ሰንሰለቱ ከጎማው ስር ይገባና ያስተላልፋል። ልጁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላላ አድርጎ ተወውና የተረፈውን ቆረጠው። ስንቱ ቤት በዚህ ሰንሰለት ምክንያት ብቻ ውሃ ያጣል መሰላችሁ። ለቅቃችሁ ስታበቁ እጀታውን ሲነካኩት ፍሰቱ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ ሰንሰለቱን እዩ።

አንድ ነገር ልበል። የአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞችና ሆቴሎች ታንክ አብዛኛው ከላይ ሁለት ቁልፍ ያለው ነው። እሱ ሰንሰለት የለውም። መሀሉ ላይ የቆመውን የፕላስቲክ ዕቃ ጥቂት ወደ ግራ ሲያዞሩት ይነቀላል፤ ከስሩ ክብ የጎማ ቀለበት አለ። የሚያረጀውና የሚቆሽሸው እሱ ነው። አንዳንዴ ገልብጦ ማጠብ ይበቃዋል። ምርመራው ግን አንድ ነው።

የጎማው ሥራ ካለቀ በኋላ የመስመሩን ውሃ ከፈተው። ታንኩ ሞላ፣ ሞላና ትርፉ ቱቦው ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። እኔ «ይኸው አልተሠራም» ልል ስል ልጁ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ተንሳፋፊ በእጁ ወደ ላይ ሳብ አደረገው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ተንሳፋፊውን ስታነሱት ውሃው የሚቆም ከሆነ ቫልቩ ጤነኛ ነው፣ ከፍታው ብቻ ነው የተበላሸው። ብሎኑን አዙሮ ተንሳፋፊውን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ኳስ ያለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ዘንጉን ትንሽ ወደ ታች ማጠፍ ነው። ኳሱን ነቅነቅ አድርጉትና ውስጡ ውሃ ከተንቦጫረቀ ግን ተበስቷል፣ ይለወጥ። የእኛው ተንሳፋፊው እስከ መጨረሻ ተነስቶም ውሃው አልቆመም። ስለዚህ ችግሩ ቫልቩ ውስጥ ነው።

አዲስ ግዙ ለማለት አልቸኮለም። መዝጊያውን ዘጋና የቫልቩን ቆብ ጫን አድርጎ ትንሽ አዙሮ ከፈተው። ውስጡ አሸዋና የዝገት ፍርፋሪ ነበር። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ የተኛውን ቆሻሻ እየገፋ ያመጣዋል፤ የመጀመሪያው ጠባብ ቦታ ደግሞ ይህች ቫልቭ ናት። አፉ ላይ ኩባያ ደፍቶበት መዝጊያውን ለቅጽበት ከፈተ፣ አሸዋው ተተፍቶ ወጣ። ኩባያው ከሌለ ጣሪያችሁን ታጥባላችሁ። ብዙ ቤት በዚህ ብቻ ይድናል። የእኛዋ ትንሿ ጎማ ግን መሀሏ ጎድጉዶ ስለነበር ገጥሞ ሲሞክረው ፍሰቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ያኔ ነው «አሁን ይገዛ» ያለው።

አዲሱን ሲገጥም ያየሁት ዋናው ነገር ጉልበት አለማብዛት ነው። መዝጊያውን እንደገና ዘግቶ፣ ታንኩን አፍስሶ የቀረውን በስፖንጅ መጠጠው። ከስር ቱቦውን ፈታ፣ ትልቁን የፕላስቲክ ብሎን ፈታ፣ አሮጌውን አወጣ። አዲሱን የጎማ ቀለበቱ በታንኩ ውስጥ በኩል እንዲሆን አድርጎ አስቀመጠና ብሎኑን በእጁ አጠበቀ። ከዚያ በፒንሳ ትንሽ ብቻ ጨመረለት። ሸክላው ከተጨነቀ ይሰነጠቃል፣ ያኔ እውነትም ሙሉውን መቀየር ይመጣል። በመጨረሻ የውሃውን ከፍታ ከትርፉ ቱቦ አፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ አቆመው። ከቫልቩ የሚወጣውን ቀጭን ቱቦ ደግሞ በትርፉ ቱቦ አፍ ላይ በመያዣው ሰካው። ወደ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ውሃውን ከታንኩ እየሳበ ያወርደዋልና።

መዝጊያው አርጅቶ የማይዞር ከሆነ አትታገሉት፤ ከተሰበረ ቤቱ ኩሬ ይሆናል። ዋናውን ዝጉና ሰው ጥሩ። ታንኩና መቀመጫው በሚገናኙበት በኩል ወደ ውጭ የሚንጠባጠብ ከሆነም ታንኩ መነሳት ስላለበት ለባለሙያ ተዉት።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋጋውን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ነገረኝ፣ አሮጌዎቹን ዕቃዎች አሳይቶ አስረከበኝ፣ ወለሉንም ወልውሎልኝ ሄደ። ቅሬታዬ አንድ ናት፤ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሥራ ላይ ሆኖ እጁ እርጥብ ስለሚሆን ነው ይላል። አቶቴም፣ ሀይቅ ዳርም፣ ታቦርም ይሠራል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት የታንኩን ክዳን አንስታችሁ ውስጡን ፎቶ አንሱና ላኩለት፤ ባለ እጀታ ይሁን ባለ ቁልፍ አይቶ ትክክለኛውን ዕቃ ገዝቶ ይመጣል።